የክፍያ ማስታወቂያ፦ ለኢንቮይስ 0412፣ 0415 እና 0419 የተላከ 238,352 ብር

ሰላም ለሂሳብ ክፍሉ፣ እንዴት ናችሁ?

ዛሬ ጠዋት 238,352.00 ብር ወደ ባንክ ሂሳባችሁ ልከናል። የዝውውሩ ቁጥር 70318 ነው፣ የባንኩ ማስተላለፊያ ወረቀትም ተያይዟል። የማስተላለፊያ ወጪውን የከፈልነው እኛ ስለሆነ የምታገኙት ብር ሙሉ መሆን አለበት። አንድ ብር እንኳ ከጎደለ ንገሩን፣ ባንኩን እንጠይቃለን።

ክፍያው የሦስት ኢንቮይሶች ነው። ሦስቱ ቫትን ጨምሮ 282,900 ብር ይሆናሉ፣ ከዚያ ላይ 44,548 ብር ቀንሰናል። እባካችሁ በጥቅሉ እንዳትመዘግቡት፤ የተቀነሰው ነገር በየኢንቮይሱ የተለያየ ነው፣ ከተደባለቀ በኋላ ለመለየት ለእናንተም ለእኛም አበሳ ነው።

ኢንቮይስ 0412 (3,200 ካርቶን)
የኢንቮይሱ ድምር 92,000 ብር
ዊዝሆልዲንግ 2,400 ብር
የተከፈለ 89,600 ብር

ይሄኛው ምንም ጣጣ የለበትም። ዕቃው ሙሉ ገብቷል፣ የተቀነሰው ግብሩ ብቻ ነው፣ እሱም ከቫት በፊት ባለው 80,000 ላይ 3 በመቶ ነው።

ኢንቮይስ 0415 (230 ጥቅል ሌብል)
የኢንቮይሱ ድምር 52,900 ብር
የጎደለ ዕቃ 2,760 ብር
ዊዝሆልዲንግ 1,308 ብር
የተከፈለ 48,832 ብር

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ኢንቮይሱ 230 ጥቅል ይላል፣ ስቶራችን የተረከበው ግን 218 ነው። ዕቃው ሲራገፍ ቆጠራው የተደረገው ሾፌራችሁ ባለበት ነው፣ በመረካከቢያው ላይ «12 ጥቅል ጎድሏል» ተብሎ ተጽፎ እሱም ፈርሞበታል፣ ኮፒውን አያይዤዋለሁ። አሥራ ሁለቱ በ200 ብር ሂሳብ 2,400፣ ከነቫቱ 2,760 ይሆናል። ግብሩንም ያሰላነው በደረሰን ዕቃ ልክ በ43,600 ላይ ነው፣ ላልመጣ ዕቃ ግብር ቆርጠን ብንይዝባችሁ ልክ አይሆንም ነበር። የዚህ ክሬዲት ኖት እስካሁን አልደረሰንም። ያንን ጠብቀን ሙሉውን ኢንቮይስ ከማዘግየት የማያከራክረውን ከፍለን ወረቀቱን በኋላ ብንቀበል ይሻላል ብለን ነው፣ እናንተም ገንዘቡን እንደምትፈልጉት እናውቃለን።

ኢንቮይስ 0419 (4,800 ካርቶን)
የኢንቮይሱ ድምር 138,000 ብር
ተመላሽ ዕቃ 4,600 ብር
ዊዝሆልዲንግ 3,480 ብር
ቀድሞ የተከፈለ 30,000 ብር
የተከፈለ 99,920 ብር

ተመላሹ ውሃ ነክቷቸው የመለስናቸው 160 ካርቶኖች ናቸው። ለእነሱ ክሬዲት ኖት 031 ሰጥታችሁናል፣ የቀነስነውም በዚያው ቁጥር ነው፣ ስለዚህ እናንተ ጋ ክፍት ሆኖ የሚታይ ከሆነ አሁን ዝጉት። 30,000ው ትዕዛዙን ስንሰጥ የላክነው ቅድመ ክፍያ ነው። በመጽሐፋችሁ ላይ ከየትኛውም ኢንቮይስ ጋር ሳይያያዝ ቆይቶ ከሆነ ቦታው ይህ ነው። ያኔ ግብር አልቆረጥንበትም፣ አሁን ግን ተመላሹ ከወጣ በኋላ በቀረው 116,000 ላይ በሙሉ ስለተሰላ 3,480 ብሩ ከተላከው ገንዘብ አንጻር ከፍ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

የሦስቱም የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች ስካን ተያይዟል፣ ጠቅላላው 7,188 ብር ነው። ዋናዎቹን በሚቀጥለው ጭነት ለሚመጣው ሾፌር እንሰጠዋለን። አደራ፣ ከእሱ ተቀበሉ። ግብራችሁን ስታሳውቁ የሚያስፈልጋችሁ ዋናው ነው፣ ከጠፋ የተቆረጠውን ብር ማቀናነስ ያስቸግራችኋል።

ኢንቮይስ 0423 በዚህ ክፍያ ውስጥ የለም። ረስተነው አይደለም። ኢንቮይሱ ካርቶኑን በ27 ብር ያሰላል፣ የተስማማንበት ፐርቼዝ ኦርደር ግን 25 ይላል፣ በ2,000 ካርቶን ላይ ከቫት በፊት የ4,000 ብር ልዩነት አለው። በራሳችን ቀንሰን መክፈል እንችል ነበር፣ ግን ዋጋ በአንድ ወገን የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ዋጋው ተቀይሮ ከሆነ ከእኛ ወገን ማን እንደተስማማ ጻፉልን፣ ካልተቀየረ ደግሞ የተስተካከለ ኢንቮይስ ላኩልን። ከሁለቱ አንዱ እስከ ረቡዕ ከደረሰን በዚያው ሳምንት ዓርብ በሚወጣው ክፍያ ውስጥ እናስገባዋለን።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠብቀው የ12ቱን ጥቅል ክሬዲት ኖት፣ የ0423ን መልስ እና የ238,352 ብሩን የገቢ ደረሰኝ ነው። ከላይ ካሉት ቁጥሮች ከእናንተ መዝገብ ጋር የማይገጥም ካለ የኢንቮይሱን ቁጥር ጠቅሳችሁ በዚሁ መልእክት ላይ መልሱልን፣ መረካከቢያውንና ኦርደሩን አውጥተን አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ተከፋይ ሂሳብ፣ ፋይናንስ ክፍል