የዕለት ትምህርት ዕቅድ፦ ሒሳብ፣ 3ኛ እና 4ኛ ክፍል በአንድ ክፍል

ቦታ፦ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት
ቀን፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ክፍለ ጊዜ፦ 2ኛ፣ ከጧቱ 3፡10 እስከ 3፡50 (40 ደቂቃ)
የተማሪ ብዛት፦ 3ኛ ክፍል 23፣ 4ኛ ክፍል 19
የጋራ ርዕስ፦ ርዝመትን መለካት
የ3ኛ ክፍል ንዑስ ርዕስ፦ ሜትርና ሳንቲ ሜትር
የ4ኛ ክፍል ንዑስ ርዕስ፦ የሬክታንግል ዙሪያ
ዕቅዱ የተዘጋጀው፦ ሐሙስ በጉድኝት ማዕከሉ ስብሰባ ስለሚኖርብኝ ለምትተኪኝ መምህርት

እህቴ፣ እስካሁን ያስተማርሽው አንድ አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከተለመደው ዕቅድ ትንሽ አስፍቼ ጽፌልሻለሁ። ዕቅዱን የጀመርኩት አንቺ ከምታስተምሪያቸው ሳይሆን በዚያ ሰዓት ካንቺ ውጭ ሆነው ከሚሠሩት ልጆች ነው። ጥምር ክፍል የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሥራውን ያለ አንቺ መጀመር፣ መሥራትና ማረም ካልቻሉ፣ ከሌላው ክፍል ጋር የያዝሽው ትምህርት በየደቂቃው ይቆረጣል። "እኔ እስክመጣ ከመጽሐፉ ቅዱ" የሚባለውን ነገር እዚህ ዕቅድ ውስጥ አታገኚውም፤ መገልበጥ ልጆቹን ዝም ያሰኛል እንጂ አያስተምርም።

ዝርዝር ዓላማ

ከትምህርቱ በኋላ የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድን ገመድ በሜትር ዘንግ ለክተው ውጤቱን በሜትርና በሳንቲ ሜትር ይናገራሉ፤ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ይጽፋሉ። የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ርዝመትና ወርዱ የታወቀን ሬክታንግል ዙሪያ ያሰላሉ፤ ያሰሉት ትክክል መሆኑንም በገመድ ያረጋግጣሉ።

መርጃ መሣሪያዎች

ሁሉም በመምህሩ ጠረጴዛ ሥር በጆንያ ውስጥ ተቀምጧል። አራት የባሕር ዛፍ ዘንግ አለ፤ እያንዳንዱ ልክ 1 ሜትር ነው፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ተቆርጦ በቀለም ተሰምሯል፣ የመጀመሪያው 10 ደግሞ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ተከፋፍሏል። አራት ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ አራት የካርቶን ሬክታንግል (50 በ30 ሳንቲ ሜትር) እና አራት የማረሚያ ካርድ ታገኛለሽ። ገመዶቹ ከጓሳ የተገመዱ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚል ወረቀት ታስሯል። ርዝመታቸው፦ ሀ 85 ሳንቲ ሜትር፣ ለ 1 ሜትር ከ40፣ ሐ 2 ሜትር ከ10፣ መ 3 ሜትር ከ20። ገመድ ቢጠፋ በበግ ጠጉር ፈትል አትተኪው፤ ሲጎትቱት ስለሚለጠጥ የየቡድኑ ልኬት ይለያያል፣ ልጆቹም ራሳቸውን ይጠራጠራሉ።

አቀማመጥ

3ኛዎቹ ፊታቸውን ወደ ዋናው ሰሌዳ፣ 4ኛዎቹ ወደ ጎን ግድግዳው ትንሽ ሰሌዳ አዙረው ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። የመምህሩን ጠረጴዛ ከደወሉ በፊት ወደ 4ኛዎቹ በኩል አስጠጊው፤ ይለኩታል። ጧት ውርጩ ስለሚበረታ የሰሜኑ መስኮት ይዘጋ፣ የምሥራቁ ይከፈት፤ ለትንሹ ሰሌዳ ብርሃን የሚያገባው እሱ ነው። በሁለቱም ክፍል አራት አራት ቡድን አለ፤ የቡድን መሪዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ።

የትምህርቱ ሂደት

3፡10–3፡16፣ ሁለቱም ክፍል በጋራ። ከ3ኛ አንድ አጭር ልጅ፣ ከ4ኛ አንድ ረዥም ልጅ አስወጪና የመምህሩን ጠረጴዛ ርዝመት በስንዝር ይለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጻፊ። ቁጥሩ ይለያያል። "ጠረጴዛው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ለምን ሁለት ሆነ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱን መጀመሪያ ከ3ኛዎቹ ተቀበይ፤ 4ኛዎቹ ከቀደሙ ታናናሾቹ አፋቸውን አይከፍቱም። ከዚያ አንድ የ4ኛ ልጅ ጨምሮ ያብራራ። ባና ሠሪ በክንድ ሲለካ አይተው ስለሚያውቁ የማን ክንድ እንደሆነ መጠየቁ ወዲያው ይገባቸዋል። የሁሉም ሰው ልኬት አንድ እንዲሆን ሜትር ያስፈልጋል በሚለው ላይ አቁሚና ሥራውን አከፋፍዪ።

3፡16–3፡27፣ ከ3ኛ ክፍል ጋር። 4ኛዎቹ በራሳቸው ይሠራሉ። ከመለየትሽ በፊት ሥራቸው በትንሹ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኝ፦ የካርቶኑን ርዝመትና ወርድ ለኩ፤ የሒሳብ መጽሐፋችሁን ለኩ፤ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ልጅ በተራ የመምህሩን ጠረጴዛ ይለካ። ሁሉንም በሳንቲ ሜትር ጻፉ። መለካት የሚያውቁት ነገር ስለሆነ አታስፈልጊያቸውም። ማስመሪያው 30 ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛውን ሲለኩ እየቀጠሉ መደመር ይኖርባቸዋል፤ ክብደቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቁጥሮቹን በኋላ ለዙሪያ ስለሚጠቀሙባቸው ባዶ የማቆያ ሥራ አይደለም።

ለ3ኛዎቹ ዘንጉን ያዢና 100 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር መሆኑን አብረሽ ቁጠሪ፦ 10፣ 20፣ 30… እያሉ እስከ 100። ከዚያ ገመድ ለ'ን ከፊታቸው ለኪ። በጣም የምትጠነቀቂበት ነገር መነሻው ነው። ብዙ ልጆች መለካት የሚጀምሩት 0 ካለበት ሳይሆን 1 ከተጻፈበት ነው፤ በማስመሪያ ሲለኩ ደግሞ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ይጀምራሉ። አንዴ ሆን ብለሽ ከ1 ጀምረሽ ለኪና ስሕተቱን እነሱ ያግኙት። ሁለተኛው፣ ዘንጉን ሲያነሱ የደረሱበትን ቦታ በጣት መያዝ አለባቸው። በዚህ ጊዜ ከ4ኛ ክፍል ሳንቲ ሜትር ማንበብ የሚቸግራቸውን ሦስት ልጆች "የዘንጉን ጫፍ ያዙልኝ" ብለሽ ጥሪያቸው፤ ስማቸውን ከመዝገቡ ጎን በእርሳስ ነጥብ አድርጌበታለሁ። ረዳት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ያመለጣቸውንም ሳያፍሩ ይሰሙታል። ሁለት ክፍል አንድ ላይ መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው፤ ለብቻው በተቀመጠ ክፍል ይህን ልታደርጊላቸው አትችዪም።

3፡27–3፡30፣ መለዋወጫ። ሦስት ደቂቃውን አትሸራርፊው። በመጀመሪያ ለ3ኛዎቹ ገመድና ዘንግ ስጪ፣ እጃቸው ሥራ እስኪይዝ ድረስ እያቸው። ቀጥሎ በ4ኛዎቹ መካከል እየዞርሽ ጠጠር የተቀመጠበት ዴስክ ካለ ቁሚ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የተቸገረ ልጅ መጀመሪያ ጓደኛውን፣ ቀጥሎ የቡድን መሪውን ይጠይቃል፤ ካልተፈታ ዴስኩ ላይ ጠጠር አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። ያመመው ወይም መውጣት የፈለገ ልጅ ግን ጠጠር አይጠብቅም፣ በቀጥታ ይመጣል።

3፡30–3፡42፣ ከ4ኛ ክፍል ጋር። 3ኛዎቹ በራሳቸው፦ እያንዳንዱ ቡድን የተሰጠውን ገመድ ይለካል፣ በሜትርና በሳንቲ ሜትር ይጽፋል፣ ገመዱን ለቀጣዩ ቡድን አስተላልፎ ሌላ ይቀበላል። ሁለቱን ከጨረሱ በኋላ ብቻ መሪው የማረሚያ ካርዱን ይገለብጣል። እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትክክል ነው ይበሉ፤ ከዚያ ከበለጠ ደግመው ይለካሉ። በካርዱ ላይ የገመድ መ ልክ የለም፤ መጨረሻ ላይ የሚገለጥ ነው።

ለ4ኛዎቹ ቀመሩን ቀድመሽ አትስጪ። ካርቶኑን አንሺና በጣትሽ ጠርዙን ዙሪያውን እየሄድሽ "ጉንዳን ከዚህ ተነስታ ዙራ ብትመለስ ስንት ሳንቲ ሜትር ሄደች?" በዪ። አራቱን ጎን ይደምራሉ፦ 50 + 30 + 50 + 30 = 160። ቀጥሎ መጽሐፋቸውን በለኩት ቁጥር ያስሉ። ሁለት ሬክታንግል ከሠሩ በኋላ ርዝመቱም ወርዱም ሁለት ሁለት ጊዜ እንደመጣ ራሳቸው ያያሉ፤ ያኔ 2 × (ርዝመት + ወርድ) ብለሽ ጻፊው። የሚጠበቀው ስሕተት ርዝመትና ወርድን አንዴ ብቻ ደምሮ 80 ማለት ነው። ያን ያለ ልጅ ካገኘሽ ጣቱን በካርቶኑ ጠርዝ አስዞሪው፤ ግማሽ መንገድ ላይ እንደቆመ ያውቀዋል። ርዝመት ሲባዛ በወርድ የሚል ልጅም ይኖራል፤ ያ ስፋት ነው፣ ሌላ ቀን ይመጣል ብለሽ እለፊው እንጂ ዛሬ አትክፈቺው። ለሚቀድሙት፦ የበግ በረት ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ነው፤ 2 ሜትር በር ተትቶ አጥር ቢታጠር አጥሩ ስንት ሜትር ይሆናል? (26 − 2 = 24 ሜትር)

3፡42–3፡50፣ በጋራ መዝጊያ። 4ኛዎቹ የመምህሩን ጠረጴዛ ዙሪያ ከለኩት ቁጥር ያስሉ። ጠረጴዛው 100 በ60 ስለሆነ 320 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከዚያ ገመድ መ'ን የለኩት የ3ኛ ቡድኖች ቁጥራቸውን ይናገሩ፦ 3 ሜትር ከ20። አንድ የ3ኛና አንድ የ4ኛ ልጅ ገመዱን በጠረጴዛው ዙሪያ ያዙሩት፤ ጫፍና ጫፉ ይገጥማል። ለምን ገጠመ ብለሽ የ3ኛ ልጅ እንዲመልስ አድርጊ፤ 320 ሳንቲ ሜትርና 3 ሜትር ከ20 አንድ መሆኑን የሚለው እሱ ነው። ባይገጥም ደግሞ አትደንግጪ፤ ጠረጴዛውን ወይም ገመዱን እንደገና ለክተው ማን ጋ እንደተሳሳተ ይፈልጉ።

ግምገማ

በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች እያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ አንድ ጥያቄ ይሠራል። 3ኛ፦ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? 4ኛ፦ ርዝመቱ 9፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ዙሪያ ስንት ነው? (140 እና 26) ደብተሮቹን በቡድን ሰብስቢና በዕረፍት ሰዓት እያቸው። ከ3ኛዎቹ ከስምንት በላይ ከሳቱ፣ በተለይ 104 ወይም 1040 ከጻፉ፣ ዓርብ ወደፊት አልሄድም፤ 100ን እንደገና እንቆጥራለን። 4ኛ ላይ 13 የሚል መልስ ከበዛ እንደዚሁ።

ጊዜ ቢያጥር ወይም ልጅ ቢቀር

ወሩ የአጨዳና የውቂያ ስለሆነ የሚቀር ይኖራል። 3ኛዎቹ ከ12 ካነሱ ሁለት ቡድን አድርጊያቸውና አራቱንም ገመድ ይለኩ። ዘግይቶ የመጣውን ልጅ አትቆጪው፤ ምናልባት ከብት አውጥቶ ነው የመጣው። በራሱ ከሚሠራው ቡድን ጋር ይቀመጥ፤ የገለጻው መሐል ከገባ ግን ግራ ይጋባል። ሰዓቱ ቢጣበብ የበረቱን ጥያቄ ዝለዪ። መለዋወጫውንና የገመዱን ማዞር ግን አትዝለዪ።

የቤት ሥራ

3ኛ፦ በየሰፈሩ አንድ የ1 ሜትር ገመድ ይወስዳሉ፤ ከ1 ሜትር የሚረዝሙ ሦስትና የሚያጥሩ ሦስት የቤት ዕቃዎች ይጻፉ። 4ኛ፦ በዚያው ገመድ የባና ወይም የሰሌን ርዝመትና ወርድ ለክተው ዙሪያውን ያስሉ። ቁርበት አይለኩ፤ ጠርዙ ቀጥ አይልም።

ስትጨርሺ በዚህ ዕቅድ ጀርባ ሁለት ነገር ጻፊልኝ፦ በራሳቸው ሲሠሩ የት ላይ እንደቆሙና ጠጠር ያስቀመጡት እነማን እንደሆኑ። የዓርብን ዕቅድ የምነሣው ከዚያ ነው። የጆንያው ማሰሪያና የክፍሉ ቁልፍ ጥበቃው ጋ አለ።