ለመጽሐፍ ዋስ

ጋሽ ይመር ቤተ መጻሕፍት መመላለስ የጀመሩት መጽሐፍ አምሯቸው አይደለም። የልጅ ልጃቸው ሜሮን የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑም እንግዳውም አላስጠና ቢሏት ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ መቀመጥ ጀመረች። ጥር ላይ ደሴ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርዱ ከጦሳ ይወርዳል፤ ልጅቱ በምሽት ብቻዋን ትመለስ ማለት ደግሞ ለአያት አይዋጥም። ስለዚህ 10 ሰዓት ሲሆን ጋቢያቸውን ደርበው ይመጡና ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ጋዜጣ ካለ ርእሱን ያያሉ። ከሌለ ያንቀላፋሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዘይነባ ማንኮራፋታቸውን ለጥቂት ቀናት ታገሠች። ከዚያ ግን ተማሪዎቹ መሳቅ ሲጀምሩ አንድ ልብ ወለድ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እስከዚያው ይህን ይመልከቱት። ሁሉም ወዶታል።»

ሁለት ገጽ አንብበው መለሱላት። «ሰውየው ሊሞት ነው፤ ከወዲሁ ያስታውቃል። ምን አደከመኝ?»

በማግስቱ ስለ ደም ግፊት የሚያወራ መጽሐፍ ሰጠቻቸው። ይሄኛውን እንኳ አልገለጡትም። «ጨው ቀንስ የሚለኝማ ቤት ውስጥም ሞልቶኛል» አሏት። እሷም ተወቻቸው። ደግ አደረገች፤ ሰው አልፈልግም ያለውን መጽሐፍ እጁ ላይ መለጠፍ መጽሐፉንም ሰውየውንም ማስቀየም ነው።

ጋሽ ይመር ማንበብ ጠልተው አልኖሩም። በአሰብ መስመር ሾፌር በነበሩ ጊዜ ከኤንትሬያቸው ጋቢና መጽሐፍ አይጠፋም ነበር። ወደብ ላይ ተራ ጥበቃ ቀናት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ጋቢና አያስቀምጥም፤ ፍራሽ ከተሳቢው ሥር ተዘርግቶ ያን ጊዜ የማይነበብ የለም። ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ከሾፌር ወደ ሾፌር እየዞረ ባለቤቱ ይረሳ ነበር። በ1990 ጦርነቱ መጣና አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አዲሱ መስመር ጥድፊያ በዛበት፤ ሬዲዮው መጽሐፉን ተካው፤ ዓይናቸውም ደከመ። ጡረታ ሲወጡ የቀራቸው የማንበብ ልማድ ሳይሆን የማንበብ ወሬ ነበር፦ «እኛማ ስንት አንብበናል!»

ያ የ2017 ጥር ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ወር ነበር። ከአዋሽና ከፈንታሌ በኩል በየቀኑ ወሬ ይመጣል፤ እዚያ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው በሌሊት ደረጃ ይወርዳል። ከንባብ ክፍሉ ጥግ ሁለት ወንዶች ልጆች ድምፃቸውን ቀንሰው ይከራከራሉ። አንደኛው የሆነ አገር መሣሪያ እየሞከረ ነው ይላል። ጋሽ ይመር አንቀላፍተው የነበሩ አይመስሉም፤ ካሉበት ሆነው ጮኹ።

«የምን መሣሪያ! ሰርዶ ላይ ያለው መሬት መቼ ተኝቶ ያውቃል? አስፋልቱን ዘንድሮ ቢለስኑት ለከርሞ ይሰነጠቃል። ደግሞስ ካራቆሬ በልጅነቴ ስትንቀጠቀጥ ማን ሞከረባት?»

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ሜሮን ደብተሯ ውስጥ መግባት ብትችል ትገባ ነበር። ዘይነባ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ መጣች፤ ጋሽ ይመርም ልትቆጣቸው ነው ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ካራቆሬ ነበሩ እንዴ?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«እዚያው ገጠሩ ላይ ነው የተወለድኩት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

«ሰርዶንስ?»

«ሃያ ምናምን ዓመት የነዳሁበት መንገድ ነው፣ ልጄ።»

ምንም ሳትል ሄደች። ከኋለኛው ክፍል፣ የስጦታ መጻሕፍት ገና ሳይደረደሩ ከተቀመጡበት፣ አቧራዋን እያራገፈች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አመጣች። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ስለ ስምጥ ሸለቆ ለተማሪዎች የጻፋት ናት። የውሰት ካርዷ ላይ አንድም ፊርማ የለም።

«ይቺን ያንብቡና ስህተት ካላት ይንገሩኝ» አለች።

እኔን ካላችሁ ሥራዋን የሠራችው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ለአንድ ጡረተኛ ሾፌር «ይጠቅምዎታል» ማለት ሌላ፣ «ስህተት ካላት» ማለት ሌላ።

መጽሐፍ ወደ ቤት ለመውሰድ ግን መታወቂያና ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱም ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። በማግስቱ ጋሽ ይመር ከሰኞ ገበያ አጠገብ ጎሚስታ ቤት ወዳለው ወዳጃቸው ወደ ሰይድ ሄዱ። ሰይድ ከነመነደሪው ጎማ ላይ ነበር።

«ዋስ ሁነኝ» አሉት።

ሰይድ ፊቱ ጠቆረ። «ይመር፣ እኔ እኮ የልጁ ብድር ገና አላለቀልኝም። ስንት ነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«የምን መጽሐፍ?»

«የሚነበብ መጽሐፍ ነዋ!»

ሰይድ መነደሪውን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። ንግድ ፈቃዱን ከግድግዳው አውርዶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ አብሯቸው ሄደና ፈረመ። ቅጹ ላይ የጣቱ የግራሶ ምልክት ቀርቷል። «ከጠፋ ግን አልከፍልም» ብሎ ለዘይነባ አስጠንቅቆ ወጣ።

ያን ማታ ራት ተበልቶ ሁሉም ሲተኛ ጋሽ ይመር ከፒያሳ ከመንገድ ላይ የገዙትን መነጽር አደረጉ። አንደኛው ክንዱ በክር ታስሯል። መጀመሪያ በጣታቸው መስመር እየተከተሉ ሄዱ። ሦስት ታላላቅ የመሬት ገበታዎች አፋር ላይ እንደሚገናኙና እንደሚራራቁ፣ ዓረቢያ ከእኛ በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚለካ መንገድ እንደምትርቅ ይናገራል። «አሃ» አሉ ብቻቸውን፤ «አሰብም ከተዘጋች ወዲህ በየዓመቱ ትንሽ ርቃለች ማለት ነው።» በመስከረም 1998 ዳባሁ አካባቢ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት እንደተከፈለ፣ ቦታ ቦታ ላይም እስከ 8 ሜትር ድረስ እንደተላቀቀ ሲያነቡ ጣታቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲያ በጣት የሚነበብ አልሆነም።

ሰርዶ መጣች። መጋቢት 20 ቀን 1961 መፍረሷን ጽፏል። ይህን ከአለቃቸው ሰምተውታል፤ ረዳት በነበሩ ጊዜ ሽማግሌው ሾፌር እዚያ ሲደርስ ማርሽ ቀንሶ «እዚህ ከተማ ነበር» ይል ነበር።

ገጹን ሲገልጡ ደግሞ ካራቆሬ መጣች። ግንቦት 24 ቀን 1953፣ ሌሊት። ማጀቴ ፈርሳለች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤት ወድቋል፤ ወደ ደሴ የሚያወጣው መንገድ ተሰነጣጥቋል፤ ንቅናቄውም ለወራት ቀጥሏል።

ጋሽ ይመር ቀኗን ደግመው አነበቧት። ግንቦት 24። ተክለ ሃይማኖት።

እናታቸው ያን ቀን ፈጭታ ነበር። እንግዳ መጥቶባት፣ ዱቄት ጎድሎባት፣ በበዓሉ ቀን ከወፍጮው ላይ ተቀመጠች፤ ሌሊት ላይ መሬቱ ተነሣ። ጋሽ ይመር ትዝ የሚላቸው እናታቸው በአንድ እጇ እሳቸውን፣ በአንድ እጇ ታናሽ እህታቸውን እየጎተተች ስትወጣና የቤቱ ማገር ከኋላቸው ሲንቋቋ ነው። ከዚያ በኋላ ከበሬዎቹ ጎን፣ ከዋርካ ሥር፣ ብዙ ሌሊት አደሩ። እናትየው እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ትል ነበር። ንስሐ ገብታበታለች፤ የነፍስ አባቷ ተይው ብለዋታል፤ እሷ ግን አልተወችውም። በየወሩ በ24 ወፍጮው ላይ ጨርቅ ታለብሰው ነበር።

መጽሐፉን ይዘው ሜሮን የተኛችበት ክፍል ገቡና መብራት አበሩ።

«ተነሺማ።»

«አባባ፣ ምን ሆንክ? ተንቀጠቀጠ እንዴ?»

«አይደለም። ይህን አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።»

ልጅቱ ዓይኗን እያሸች አነበበች። ከመሬት በታች ኃይል ለብዙ ዘመን እየተጠራቀመ እንደሚቆይና ዐለቱ መሸከም ሲያቅተው እንደሚላቀቅ የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

«ለብዙ ዘመን ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«የአንድ ቀን ነገር አይደለማ።»

«አይደለም፣ አባባ። ለምን?»

«እናቴ ፈጭታ አይደለም» አሉና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሜሮን የቅድመ አያቷን ወፍጮ ወሬ ያን ሌሊት ነው የሰማችው። ሲነጋ የሒሳብ ፈተና ነበረባት። ግን እስኪጨርሱ አዳመጠች።

መጽሐፉ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ጋሽ ይመር የመጡት 10 ሰዓት ሳይሆን ጠዋት በሩ ሲከፈት ነው። ኪሳቸው ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«ስህተት አለው» አሏት ዘይነባን፣ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ። «ገጽ 41 ካርታው ላይ ኤሊዳርን ከሰርዶ በፊት አድርጓታል። ከሎጊያ ስትወጪ መጀመሪያ የምታገኚው ሰርዶን ነው፤ ቀጥሎ ዲቼቶ፣ ከዚያ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። በዚህ ካርታ የሄደ ሾፌር ውሃ ሳይዝ ይቀራል። ጽፌዋለሁ፤ ለሰውየው ላኪለት።»

ዘይነባ ወረቀቱን ዘርግታ አየችው። መስመሩ በእስክሪብቶ ተሥሏል፤ ሻይ ቤቶቹ ሳይቀሩ ተጽፈዋል።

«መጽሐፉ ውስጥ እናስቀምጠዋለን» አለች። «የቀረውስ እንዴት ነው?»

ጋሽ ይመር ትንሽ ዝም አሉ። «የቀረው ደህና ነው። ሰውየው ያውቃል።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ግን አንድ ነገር ጀምሮ ተወው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል ይላል፤ ያን ሁሉ ዓመት በድልድዩ ላይ ተሻግሬ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። ለምን እንደሚያልቅ ግን አይናገርም።»

«ስለ ወንዞች የጻፈው ሌላ አለ። ወጥቷል እንጂ።»

«ማን ወሰደው?»

«የአንባቢ ስም መናገር አልችልም፣ ጋሼ።»

«መቼ ይመልሳል?»

«ሐሙስ ነው ቀኑ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉ ጋሽ ይመር፤ ወደ ዘወትር ወንበራቸው ሳይሆን በመደርደሪያዎቹ በኩል እየተራመዱ ነበር። «ደውይለትና ቶሎ ያንብብ በይው። እስከዚያ ሌላ ስህተት ያለበት ነገር የለሽም?»