የዳይሬክተሮች ቦርድ ቃለ ጉባኤና ውሳኔ ቁጥር 04/2017፦ የሞጆ መጋዘን ኪራይ

ሰምሃል ዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ አክሲዮን ማኅበር፣ አዳማ
ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3:00፣ ዋናው መሥሪያ ቤት

የተገኙ፦ አቶ ግርማ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ አልማዝ (ምክትል ሰብሳቢ)፣ አቶ ደረጀ፣ ወ/ሮ ሰናይት፣ አቶ ፍቅሩ፣ ዶ/ር ሀብታሙ። ያልተገኙ፦ አቶ ነጋሽ፣ በሕመም፣ አስቀድመው አሳውቀዋል። ድምፅ ሳይኖራቸው የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊዋ። ጸሐፊ፦ ወ/ሪት መሠረት።

ከ7 አባላት 6 ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው። የአዳማው መጋዘናችን ሞልቷል፤ ስንዴው በሸራ ሥር ውጭ አድሯል፤ ከበልግ ዝናብ በፊት ቦታ መገኘት አለበት።

አቶ ደረጀ ውይይቱ ሳይጀመር እጃቸውን አወጡ። እንዲህ አሉ፦ «ከቀረቡት ሦስት መጋዘኖች የሞጆው የወንዝዳር ንግድ ኃ/የተ/የግ/ማኅበር ነው። እኔ 40 በመቶ ድርሻ አለኝ፣ ሥራ አስኪያጇ ባለቤቴ ናት። ኪራዩ ከጸደቀ ትርፉ ቤቴ ይገባል። ዋጋው ላይም ውሉም ላይ አልናገርም፣ ድምፅም አልሰጥም።» ይህንኑ በጽሑፍ ፈርመው ሰጡ፤ የወንዝዳርን የመመሥረቻ ጽሑፍ ቅጂም አያያዙ። ሁለቱም ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዘዋል።

ሰብሳቢው ሌላ የሚያሳውቅ እንዳለ እያንዳንዱን በስም ጠየቁ። አንድም አልነበረም።

አቶ ደረጀ 3:25 ላይ ወጡ። የዋጋ ማወዳደሪያው በፋይላቸው ውስጥ ስለነበር ከመውጣታቸው በፊት ተቀብያቸዋለሁ፤ የተወዳዳሪዎቹን ዋጋ ይዞ መውጣት አልነበረባቸውም፣ እሳቸውም ገልጠው አላዩትም። የቀሩት 5 አባላት ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ሦስቱንም ዘረዘሩ። የአዳማው በካሬ 165 ብር ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። የቢሾፍቱው 140 ብር ነው። የሞጆው መጀመሪያ 170 ብር ተጠይቆበት ነበር፤ በድርድር 150 ብር ደርሷል። ድርድሩን ሥራ አስኪያጁ ያደረጉት ከወንዝዳር ሂሳብ ሹም ጋር እንጂ ከአቶ ደረጀ ጋር እንዳልሆነ አረጋግጠዋል። ሦስቱም 1,200 ካሬ ሜትር ናቸው።

ታዲያ ለምን ርካሹ አይሆንም? ወ/ሮ ሰናይት የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ባለአክሲዮኖችም መጠየቃቸው ስለማይቀር መልሱን በዝርዝር አስፍሬዋለሁ። ቢሾፍቱ በኪራይ በወር 12,000 ብር ይቀንሳል። ግን ከአዳማ ያለው ርቀት ከሞጆው እጥፍ ያህል ነው፣ በወር 30 ምልልስ አለን፣ በየምልልሱ ለነዳጅና ለሾፌር 1,800 ብር ይጨመራል፤ ይህ 54,000 ብር ይሆናል። ወ/ሮ ሰናይት ሂሳቡን ተቀብለዋል። ያልተቀበሉት ቅድሚያ ክፍያውን ነው። ወንዝዳር የ6 ወር ጠይቆ ነበር። «ለቦርድ አባል ኩባንያ አንድ ወርም ቢሆን ቀድመን መክፈል የለብንም፣ ለሌላ አከራይ የማናደርገውን ለራሳችን ሰው ካደረግን ምን ብለን እንመልሳለን?» አሉ። አቶ ፍቅሩ አዳማ ላይ ለሌላ አከራይ የ3 ወር ከፍለን እንደምናውቅ አስታወሱ። ዶ/ር ሀብታሙ 1 ወር ይሁን አሉ። ሰብሳቢው በዚሁ ለድምፅ አቀረቡት።

ውሳኔ፦ በ4 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ (ወ/ሮ ሰናይት፣ በቅድሚያ ክፍያው ምክንያት) የሚከተለው ጸድቋል።

መጋዘኑ ከመጋቢት 1 ቀን 2017 እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ይከራያል። ኪራዩ በወር 180,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ ተ.እ.ታ. ሲጨመር 207,000 ብር። ቅድሚያ ክፍያ የ1 ወር ብቻ ነው። ውሉ በራሱ አይታደስም፤ ለማደስ እንደገና ዋጋ ተወዳድሮ ለቦርድ ይቀርባል። ኩባንያው በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። ውሉን ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ። አቶ ደረጀ ስለዚህ ውል ለመጋዘን ሠራተኞችም ሆነ ለፋይናንስ መመሪያ አይሰጡም፤ ክፍያ ዘገየ የሚል ቅሬታ ካለ ወንዝዳር በደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባል።

በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መንፈስ ግንኙነቱ እንዳይደበቅ፣ ጸሐፊዋ ይህን ቃለ ጉባኤና ረቂቅ ውሉን በ7 ቀን ውስጥ ለውጭ ኦዲተሩ ትልካለች፤ ጉዳዩም በሚቀጥለው መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ ለባለአክሲዮኖች ይነገራል።

አቶ ደረጀ 4:20 ላይ ተጠርተው ገቡ። ሰብሳቢው ውሳኔውን ብቻ ነገሯቸው፤ ማን ምን እንዳለ አልተነገራቸውም። ቅድሚያ ክፍያው 1 ወር መሆኑን ለወንዝዳር የሚያሳውቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

ስብሰባው 4:30 ላይ ተዘጋ።

ፈርመዋል፦ አቶ ግርማ፣ ወ/ሮ አልማዝ፣ አቶ ፍቅሩ፣ ዶ/ር ሀብታሙ፤ ወ/ሮ ሰናይት (ከነተቃውሟቸው)፤ አቶ ደረጀ (ያሳወቁትን፣ የወጡበትንና የተመለሱበትን ሰዓት ለማረጋገጥ ብቻ)፤ ወ/ሪት መሠረት፣ ጸሐፊ።