ምዝገባ ከተሰረዘ በኋላ ከካርድ ስለተቆረጡ ክፍያዎች ለካርድ አውጪው ባንክ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ጁን 18 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.

ለካርድ አውጪው ባንክ
የካርድ ክፍያ ቅሬታዎች ክፍል

ጉዳዩ፦ የመጨረሻ አራት አሃዞቹ 4417 ከሆኑት የቪዛ ክሬዲት ካርዴ፣ የደንበኝነት ምዝገባዬን ከሰረዝኩ በኋላ የተቆረጠው 84.96 የአሜሪካ ዶላር እንዲመለስልኝና ቀጣይ ክፍያዎች እንዲታገዱልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በተገለጸው ካርድ፣ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን በኢንተርኔት ላይ ለሚያስቀምጥ አንድ ድርጅት በየወሩ 19.99 የአሜሪካ ዶላር እከፍል ነበር። ምዝገባውን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ሰርዣለሁ፤ ድርጅቱም ስረዛውን በዚያው ቀን በኢሜይል አረጋግጦልኛል። ይህ ከሆነ በኋላ ግን ድርጅቱ አራት ጊዜ ከካርዴ ገንዘብ ወስዷል፤ ገንዘቡን እንዲመልስ ብጠይቀውም አልመለሰም። ስለዚህ አራቱን ክፍያዎች በመቃወም ይህን ቅሬታ ለባንኩ አቀርባለሁ። በደብዳቤው የተጠቀሱት ቀኖች በሙሉ በሂሳብ መግለጫው ላይ እንደሰፈሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ድርጅቱ በመግለጫው ላይ የሚታይበት ስም በተያያዙት ቅጂዎች ላይ ተሰምሮበታል።

የምቃወማቸው ክፍያዎች የሚከተሉት ናቸው።

ማርች 5 ቀን 2025፦ 19.99 ዶላር
ኤፕሪል 5 ቀን 2025፦ 19.99 ዶላር
ሜይ 5 ቀን 2025፦ 19.99 ዶላር
ጁን 5 ቀን 2025፦ 24.99 ዶላር

ድምራቸው 84.96 ዶላር ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከቀደሙት በ5 ዶላር እንደሚበልጥ ልብ እንዲባልልኝ እጠይቃለሁ፤ ዋጋው መጨመሩን የሚገልጽ ምንም መልእክት አልደረሰኝም፣ ምዝገባው ስለተዘጋም ሊጨመርበት የሚችል ዋጋ አልነበረም።

ከዚህ በፊት የተከፈለውን አልቃወምም። ምዝገባው ከተከፈተበት ከኦገስት 5 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2025 ድረስ የተቆረጡት ሰባት ክፍያዎች፣ በድምሩ 139.93 ዶላር፣ በፈቃዴ የተከፈሉና አገልግሎት ያገኘሁባቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው፣ ጥያቄዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልፈቀድኩም የሚል ሳይሆን፣ ሰጥቼው የነበረውን ፈቃድ በግልጽ ካነሳሁ በኋላ የተፈጸመውን የሚመለከት መሆኑ ከወዲሁ እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው።

ስረዛው የተፈጸመው በድርጅቱ ድረ ገጽ፣ በራሴ መለያ ውስጥ ባለው የሂሳብ ቅንብር ገጽ ላይ ነው። ለመሰረዝ የተዘጋጀውን ቁልፍ ከተጫንኩ በኋላ ምክንያቱን የሚጠይቅ ገጽ ተከፈተ፤ መልሼ ቀጠልኩ፤ በመጨረሻም ምዝገባው መሰረዙን የሚገልጽ ገጽ ታየኝ፤ የዚያን ገጽ ምስልም አስቀምጫለሁ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የደረሰኝ ኢሜይል ምዝገባው መሰረዙን፣ የከፈልኩበት ጊዜ እስከሚያልቅበት እስከ ማርች 4 ድረስ አገልግሎቱን መጠቀም እንደምችልና ከዚያ በኋላ ምንም ክፍያ እንደማይጠየቅ በማያሻማ ቃል ይገልጻል። ድርጅቱ ይህን ጽፎ ከ12 ቀን በኋላ፣ ማለትም ማርች 5፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ቆረጠ።

በማርችና በኤፕሪል የተቆረጡትን ክፍያዎች በጊዜው አላየኋቸውም። ምክንያቱ ከማርች ጀምሮ ድርጅቱ በመግለጫው ላይ የሚታይበት ስም መለወጡ ነው፤ ቀድሞ የሚነበበው የአገልግሎቱ መጠሪያ ሲሆን፣ ከማርች ወዲህ ግን አህጽሮተ ቃልና ቁጥር ብቻ ሆኖ ይታያል። የሁለቱን ወራት መግለጫዎች ጎን ለጎን አያይዣቸዋለሁ። ጉዳዩን የተረዳሁት ሜይ 9 ሲሆን፣ ይኸውም መጠኑ ቀድሞ እከፍለው ከነበረው ጋር በሳንቲም ሳይቀር አንድ መሆኑ ስላሳሰበኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ባየሁ ጊዜ ነው።

ሜይ 10 ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ጽፌ የሦስቱን ወራት ገንዘብ እንዲመልስልኝ ጠየቅሁ። ሜይ 13 የመጣው መልስ፣ ስረዛውን ስፈጽም የመጨረሻውን መጠይቅ ስላልሞላሁ ጥያቄዬ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል የሚል ነበር። ይህ ከራሳቸው ኢሜይል ጋር በቀጥታ የሚቃረን ነው፤ ሳይጠናቀቅ ለቀረ ስረዛ ተሰርዟል የሚል ማረጋገጫ አይላክም፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀንም አይጻፍለትም። ሜይ 19 የማረጋገጫውን ኢሜይል አያይዤ በድጋሚ ጻፍኩ፤ መልእክቴ መድረሱን ከሚገልጽ የራስ ሰር መልስ በቀር ምንም አላገኘሁም። ከዚያም ጁን 5 አራተኛው ክፍያ በጨመረ ዋጋ ተቆረጠ።

ጁን 6 በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የጽሑፍ መነጋገሪያ ከአንድ ሠራተኛቸው ጋር ተነጋገርኩ። ሠራተኛው መለያዬን ተመልክቶ፣ ምዝገባው ፌብሩዋሪ 21 እንደተሰረዘ በመዝገባቸው ላይ እንደሚያይ፣ ነገር ግን ክፍያ የሚቆርጠው ሌላ ክፍል በመሆኑ ገንዘቡን መመለስ እንደማይችል ጻፈልኝ፤ በምትኩም የሦስት ወር ነጻ አገልግሎት ልስጥህ አለኝ። አልተቀበልኩም፤ ያቋረጥኩትን አገልግሎት በነጻ መስጠት ያለፈቃዴ የተወሰደውን ገንዘብ መመለስ አይሆንም። የንግግሩን ሙሉ ቅጂ አያይዣለሁ። በእኔ እምነት ከአባሪዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ የስረዛውን ቀን ድርጅቱ በራሱ አንደበት ያመነበት ሰነድ ነውና።

ድርጅቱ በመልሱ ምናልባት ከስረዛው በኋላ አገልግሎቱን ተጠቅሟል የሚል መከራከሪያ ቢያነሳ፣ እውነቱ እንደሚከተለው ነው። ማርች 2 ወደ መለያዬ ገብቼ ፋይሎቼን ወደ ራሴ ኮምፒውተር አውርጃለሁ። ይህ የሆነው የከፈልኩበት ጊዜ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ድርጅቱ ራሱ በሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ነው። ከማርች 4 በኋላ አንድም ፋይል አላስቀመጥኩም፣ አላወረድኩምም፤ ወደ መለያዬ የገባሁት ሜይ 9 እና ጁን 6 ብቻ ሲሆን፣ እሱም የክፍያውን ታሪክ ለማየትና ከሠራተኛው ጋር ለመነጋገር ነው።

አሁን ቅሬታው እንዴት እንዲመዘገብ እንደምፈልግ ላስረዳ። ጁን 7 ወደ ባንኩ የስልክ አገልግሎት ደውዬ ነበር፤ በትሕትና ያስተናገዱኝ ሠራተኛ ጉዳዩን በማጭበርበር መዝግበው ካርዴን ለመለወጥ ሐሳብ አቀረቡልኝ። በቅን ልቦና የቀረበ ሐሳብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም በሁለት ምክንያት አልተቀበልኩትም።

አንደኛው፣ የካርዱን ቁጥር ለድርጅቱ የሰጠሁት እኔው ራሴ በመሆኔ ነው። ጉዳዩ በማጭበርበር ቢመዘገብ፣ ድርጅቱ በዚሁ ካርድ ያለ ቅሬታ የተከፈሉትን ሰባት ክፍያዎች አቅርቦ ካርዱ በባለቤቱ ፈቃድ የተመዘገበ መሆኑን በቀላሉ ያስረዳል፤ ቅሬታዬም እውነቱ ከእኔ ጋር ሆኖ ሳለ በተሳሳተ ስም በመቅረቡ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ እውነት ያልሆነ ነገር ፈርሜ ማቅረብ አልፈልግም። የጉዳዩ ትክክለኛ ስም የተሰረዘ ተደጋጋሚ ክፍያ ሲሆን፣ በቪዛ የክርክር ደንብ በምክንያት ቁጥር 13.2 የሚታወቀው ነው። ቅሬታው በዚሁ ቁጥር እንዲመዘገብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት ክርክር ለመክፈት የተሰጠው ጊዜ ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን በመሆኑ፣ ከአራቱ ቀዳሚ የሆነው የማርች 5 ክፍያ እንኳ እስከ ጁላይ 3 ድረስ በጊዜው ውስጥ ነው። ጊዜው የቀረው ጥቂት ስለሆነ፣ ተጨማሪ ሰነድ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት እንዲነገረኝና ምርመራው በአራቱም ክፍያዎች ላይ በአንድነት እንዲከፈት እለምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ካርድ መለወጥ ብቻውን ክፍያውን ላያስቆመው ስለሚችል ነው። የካርድ ቁጥር መዝግበው ለሚይዙ ድርጅቶች አዲሱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን የሚያሳውቅ የካርድ ማደሻ አገልግሎት እንዳለ ይታወቃል፤ ይህ አገልግሎት በካርዴ ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ አዲሱ ቁጥር ለእኔ ሲደርሰኝ ለድርጅቱም ይደርሰዋል። ስለዚህ የምጠይቀው፣ ይህ ድርጅት በቀድሞውም ሆነ በአዲሱ ስሙ፣ በማንኛውም መጠን፣ ከሂሳቤ የሚያቀርበው የክፍያ ጥያቄ ተቀባይነት እንዳያገኝ የሚያደርግ የማገጃ ትእዛዝ በሂሳቤ ላይ እንዲመዘገብ ነው። ለድርጅቱ ሰጥቼው የነበረውን ተደጋጋሚ ክፍያ የመቁረጥ ፈቃድ ማንሳቴን በዚህ ደብዳቤም ለባንኩ አረጋግጣለሁ።

የማርች፣ የኤፕሪልና የሜይ መግለጫዎች ሙሉ በሙሉ የተከፈሉ ስለሆነ 59.97 ዶላሩ ወደ ሂሳቤ ተመላሽ እንዲሆን፣ የጁኑ 24.99 ዶላር ደግሞ ምርመራው እስኪያበቃ ድረስ ከሚፈለግብኝ ክፍያ ውጭ ሆኖ እንዲቆይና ወለድም ሆነ የመዘግየት ቅጣት እንዳይታሰብበት እጠይቃለሁ። የቀረውን የወሩን ዕዳ እንደ ወትሮዬ በጊዜው እከፍላለሁ። ድርጅቱ ለባንኩ የሚሰጠው መልስ ካለ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ቅጂው እንዲላክልኝና መልስ የምሰጥበት ዕድል እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን የሰጡኝ ሁለት ምክንያቶች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ በመሆናቸው፣ ሦስተኛ ቢመጣም በሰነድ ልመልስ እችላለሁ።

የቅሬታውን መዝገብ ቁጥርና የተከፈተበትን ቀን በባንኩ ዘንድ በተመዘገበው የኢሜይል አድራሻዬ ብትገልጹልኝ አመሰግናለሁ። በስልክ ለመነጋገር ካስፈለገም በዚያው መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር ከሰዓት በኋላ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የመጨረሻ አራት አሃዞቹ 4417 የሆኑት ካርድ ባለቤት

አባሪ፦ የስረዛው ገጽ ምስልና የፌብሩዋሪ 21 የማረጋገጫ ኢሜይል፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ያሉት የሂሳብ መግለጫዎች፤ የጁን 5 ክፍያ ማሳወቂያ፤ በሜይ 10፣ 13 እና 19 የተደረጉ የኢሜይል ልውውጦች፤ የጁን 6 የጽሑፍ ንግግር ሙሉ ቅጂ፤ በድምሩ 14 ገጽ።