ለታናሽ ወንድሜ፦ ቁጥሩን የማልሰጥህ ለምን እንደ ሆነ

ውድ ወንድሜ፣

ትናንት ማታ የላክህልኝን ሦስት ፎቶዎችና ከሥራቸው የጻፍከውን «እውነቱን ንገሪኝ፣ ከአስር ስንት ትሰጪኛለሽ?» የሚለውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። ወዲያው ያልመለስኩልህ ሰልችቶኝ አይደለም፤ ረጋ ብዬ ልጽፍልህ ስለፈለግሁ ነው። ቁጥር ግን አልሰጥህም። ዝቅ ያለ ቁጥር በልቤ ይዤ የምደብቅህ እንዳይመስልህ፤ አንተን ሳይ ቁጥር በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ፎቶ ለማታውቃቸው ሰዎች አሳይተህ አንዱ አራት፣ ሌላው ስምንት እንደሰጠህ ነግረኸኛል። ፊትህ በሁለቱ መልሶች መካከል አልተለወጠም። የተለያየው የተመልካቾቹ ምርጫ፣ የዚያች ሰዓት ስሜታቸውና ምናልባትም ከአንተ ቀድመው ያዩት ሰው ፎቶ ነው። አንድን ነገር በአንድ ሌሊት አራትም ስምንትም የሚል መለኪያ ስለዚያ ነገር ምን ሊያስረዳ እንደሚችል አስበው። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ስምንቱን ወዲያው ረስተህ ከአራቱ ጋር ማደርህ ነው።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። «ታምራለህ» ስልህ ፊትህ ለጥቂት ጊዜ ይፈታል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን «እኅቴ ስለሆንሽ ነው» ትለኛለህ፣ ከዚያም ሌላ ፎቶ፣ ሌላ መብራት፣ ሌላ አቅጣጫ ይከተላል። መልሱ ጭንቀቱን ያስታግሠዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እፎይታው ባለፈ ቁጥር ደግሞ አእምሮህ እንደገና መጠየቅን እየለመደ ይሄዳል። ዛሬ ዘጠኝ ብልህ ነገ አስር ያልሆንከው ለምን እንደሆነ መጠየቅህ አይቀርም። ቁጥር መስጠት ደግነት ቢመስልም፣ እያደር የምትሠቃይበትን ነገር ማጠናከር ይሆንብኛል፤ እምቢ የምልህም ስለዚህ ነው።

ስለ አፍንጫህ ደጋግመህ ስለምትጽፍልኝ፣ ይህንንም ልብ በለው። የላክህልኝ ፎቶዎች ሁሉ ስልኩን እጅህ ላይ ይዘህ፣ ክንድህን እንኳ ሳትዘረጋ ያነሣሃቸው ናቸው። ካሜራ ወደ ፊት በጣም ሲጠጋ፣ ለእርሱ የሚቀርበውን አፍንጫ አግዝፎ፣ የሚርቁትን ጆሮዎች አሳንሶ ያሳያል። በ2018 የታተመ የሐኪሞች ጥናት ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ የተነሣ ፎቶ፣ ከ1.5 ሜትር ገደማ ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር፣ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ በስሌት አስረድቷል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ እያጎላህ የምትመረምረው አፍንጫ፣ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው የሚያየው አይደለም። መስታወትም ግራና ቀኝህን አዙሮ ስለሚያሳይህ፣ ያልተገለበጠ ፎቶህ እንግዳ ቢሆንብህ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያ ላይ ገና አሥራ ስድስት ዓመትህ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የወንድ ልጅ አፍንጫና መንጋጋ ማደጋቸውን አልጨረሱም፣ ሁሉም በአንድ ፍጥነት አያድጉም።

ይህን ሁሉ የምነግርህ መልክ ምንም አይደለም ለማለት አይደለም። በአንተ ዕድሜ ሰው ዓይን መግባት መፈለግ የተፈጥሮ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ መውጣት፣ ፀጉርን መስተካከል፣ የሚያምር ልብስ መምረጥ ደስ ይላል። እኔን ያሳሰበኝ ጭንቀትህ ከዚህ ማለፉ ነው። ባለፈው ወደ ጓደኛህ የልደት ግብዣ ለብሰህ ከተዘጋጀህ በኋላ መስታወት ፊት ቆመህ ቆይተህ ቀረህ። ስለ አንድ የፊት ክፍል ማሰብ በየቀኑ ሰዓታት የሚወስድብህ ወይም ከቤት እንዳትወጣ የሚያደርግህ ከሆነ፣ ይህ ከንቱነት ወይም ድክመት አይደለም፤ በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምር የታወቀ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገርም ይቀልላል። መሄድ ከፈለግህ ቀጠሮውን እኔ አስይዛለሁ፣ አብሬህም እገባለሁ፤ ውጭ ጠብቂኝ ብትለኝም ደስ ይለኛል። ለአባዬና ለእማዬ መቼና እንዴት እንደምንነግራቸው ሁለታችን እንመክራለን።

እስከዚያው አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ለማታውቃቸው ሰዎች ያሳየኸውን ፎቶ ዛሬ አጥፋው፣ አዲስ መልስ መጥቶ እንደሆነ ለማየትም አትመለስ። ቁጥር የመጠየቅ ፍላጎቱ ሲያይልብህ ፎቶ ከመላክ ይልቅ ደውልልኝና የዚያን ዕለት ምን እንደሆነ ንገረኝ፤ ማን ምን አለህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን ፊት አፈርክ? መልስ ልሰጥበት የምችለው ጥያቄ ያ ይመስለኛል። ሌሊትም ቢሆን ስልኬን አነሣልሃለሁ።

የምትወድህ እኅትህ