ጥያቄው ለማን ነው? የመተጫጨትና የፍቅር አጭር ታሪክ

አክስቴ ያደገችው ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ስለ ወጣትነቷ ስታወራ «የወደደኝ» እና «የጠየቀኝ» የምትላቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የወደዳት በደብተር መሐል ደብዳቤ እያጠፈ የሚልክላት ተማሪ ነበር። የጠየቃት ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን የጠየቀው አባቷን እንጂ እሷን አይደለም። ያገባችውም እሱን ነው።

ፍቅር ከፈረንጅ ፊልም የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልቀበለውም። ቅድመ አያቶቻችንም ወድደዋል፣ ናፍቀዋል፣ በሰው ምክንያት እንቅልፍ አጥተዋል። በየዘመኑ የተለወጠው ጠያቂውና መልስ ሰጪው ነው።

በአማራው አገር የቆየውን ወግ እንይ። የልጁ ቤተሰብ ልጅቱን ያያል፤ ዘሯን ያጣራል። ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እስከዚያ ድረስ የሥጋ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ከተጣራ በኋላ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ «ቁጭ በሉ» ቢባሉም ቶሎ አይቀመጡም፤ ጉዳያቸውን ቆመው ይናገራሉ፤ «ልጅዎን ለልጃችን» ይላሉ። አባትም ወዲያው እሺ አይልም። «ዘመድ ልማክርበት» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ ቶሎ መስጠት ልጅን ማርከስ ነውና። ተመላልሰው፣ ለምነው፣ ጥሎሹ ተነጋግሮ፣ ቀኑ ይቆረጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጅቱ ጓዳ ናት። ሙሽሮቹ በቅጡ የሚተያዩት በሠርጉ ዕለት የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ገና ልጅ ሳለች የታጨችም ብዙ ናት። ጋብቻው የሚያገናኘው መሬትን ከመሬት፣ ወገንን ከወገን ነበር፤ ደም የተቃባን ቤተሰብ ማስታረቂያም ይሆን ነበር።

ሆኖም ያ ዓለም አንድ ወጥ አልነበረም። የቁርባን ጋብቻ አይፈርስም፤ ስለዚህም ብዙ ሰው በወጣትነቱ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። በሰማንያ የተጋባ ሊፋታ ይችላል፣ ሴቲቱም የንብረት ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። በጎንደር ዘመን መሬት በራሳቸው ስም የያዙ ሴቶች እንደነበሩ የመሬት መዛግብቱ ይመሰክራሉ። እኔ ይህን ስመለከት፣ ለመጀመሪያው ባሏ ያልተጠየቀች ሴት ለሁለተኛው ራሷ መልስ የሰጠችበት ጊዜ እንደነበር አልጠራጠርም።

ፍቅርም የራሱ መስኮት ነበረው፤ ትልቁ ጥምቀት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ለታቦቱ ክብር ብቻ አይደለም። ልጁ በሕዝብ መካከል ሎሚ ይወረውራል፤ ደረቷን ይመታል። ሎሚውን ካነሳችው ነገር አለ፤ ካላነሳችው ጉዳዩ አበቃ። ጃን ሜዳ ላይ ዛሬም ይህን ጨዋታ የሚያስታውስ ወጣት አይጠፋም። ለእኔ ይህች ሎሚ ትልቅ ነገር ናት፤ ሽማግሌ በማይገባበት ቦታ በቀጥታ ለልጅቱ የቀረበች ጥያቄ ናትና።

በቤተ መንግሥትም ቢሆን ሰው የሚወድደው ታሪክ የፍቅሩን ነው። አፄ በካፋ ራሳቸውን ደብቀው ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ታመው ያስታመመቻቸውን ልጅ እንዳገቡ ይነገራል፤ ምንትዋብ የተባለችውም «ምን ትዋብ!» ከሚል አድናቆት ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ዝናዋ የተተረከው ከነገሠች በኋላ ነው፤ ግን ተራኪው የመረጠው ምክንያት ዘር ሳይሆን ዓይንና እንክብካቤ ነው። በ1875 ዓ.ም. የተፈጸመው የምኒልክና የጣይቱ ጋብቻ ደግሞ ሸዋን ከሰሜኑ መሳፍንት ጋር ያቀራረበ ፖለቲካ ነበር። ከፖለቲካው ግን እኩያነት ወጣ። ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ከተማችንን «አዲስ አበባ» ያሏት እሳቸው ናቸው።

በሌላውም ዓለም መንገዱ ይህን ያህል የራቀ አልነበረም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደቡብ ፈረንሳይ ባለቅኔዎች ፍቅርን ሲያወድሱ የሚዘምሩት ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ሚስት ነበር፤ ፍቅርና ጋብቻ የተለያዩ ጉዳዮች ነበሩ። በፍቅር መጋባት በአውሮፓ እንደ ተገቢ ነገር የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን ያፋጠኑት ትምህርት ቤትና ሲኒማ ይመስሉኛል። የመጀመሪያውን ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ትምህርት ቤት ግን ከሲኒማውም ይበልጣል፤ ማንበብና መጻፍ የቻለች ልጅ የራሷን ደብዳቤ ራሷ ትቀበላለች፣ ራሷ ትመልሳለች። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የለያያቸው የአባቷ የዘር ኩራት መሆኑን ያነበበ ሁሉ ገባው። ልጅቱ ሳትጠየቅ በእሷ ስም የተሰጠ መልስ ምን እንደሚያደርስ አገሩ ሁሉ አለቀሰበት።

ሕጉ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ቢጠይቅም ማጨትን የተረጎመው የሁለት ቤተሰብ ውል አድርጎ ነው፤ የሴቷን የጋብቻ ዕድሜም 15 ላይ አቆመው። ከዚህ የከፋው ጠለፋ ነው። ልጅን ከመንገድ ነጥቆ፣ ደፍሮ፣ ኋላ በሽማግሌ ማስታረቅን «ባህል» ብሎ መጥራት ያመኛል። በዚያ ጥያቄም መልስም የለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይተርፍ ዘንድ በር ከፍቶ ነበር። በሩ የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። እነዚህን ለውጦች በፍቅር ታሪክ ውስጥ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እምቢ ማለት ካልተቻለ እሺታ ምን ዋጋ አለው?

ዛሬ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶች «ጠበሳት» ይላሉ፤ ከነሱ በፊት የነበሩት «ጀነጀናት» ይሉ ነበር። በቴሌግራም ተጀምሮ በቴሌግራም የሚያልቅ ፍቅርም አለ። ሽማግሌው ግን አልጠፋም። የጠፋው የሽማግሌው ቀዳሚነት ነው፤ አሁን የሚላከው ሁለቱ ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ባለፈው ኅዳር ለአክስቴ የልጅ ልጅ ሽማግሌ መጣ። ከልጁ ጋር አራት ዓመት መቆየታቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ቢሆንም እንደ ወጉ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አባቷ «ዘመድ ልማክር» የሚል መስሎኝ ስጠብቅ ወደ ጓዳ ዞሮ ጠራት። ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«ልጄ፣ እነዚህ አባቶች አንቺን ፈልገው ነው የመጡት። ምን ልበላቸው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን በልምዱ አላየም መሰለኝ፣ ጎኑ የቆመውን ዘወር ብሎ አየው። አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«እሺ በላቸው፣ አባዬ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።