ተመራቂዎቹ ከመግባታቸው በፊት፦ የመድረክ መሪው መክፈቻ

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

(ትንሽ ዝም)

እሺ። ይሄን ዝምታ አውቀዋለሁ። አስተማሪ “ያልገባችሁ ነገር አለ?” ሲል ክፍል ውስጥ የሚወርደው ዝምታ ነው። ማንም አልገባውም፤ ግን ሁሉም አቀርቅሮ ደብተሩን ያያል።

እንደገና ልሞክር። ዛሬ ፈተና የለም፣ ስም አልጠራም። እንደምን አመሻችሁ?

እንዲህ ነው እንጂ!

ተመራቂዎቻችን ሦስት ናቸው። አንዷ ነርስ፣ አንዱ አካውንታንት፣ አንዷ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሰች። አሁን ጋዋናቸውን ለብሰው እዚያ በር ኋላ ቆመዋል። አትዘኑላቸው። አራት ዓመት የጠበቁ ሰዎች አምስት ደቂቃ አያቅታቸውም። በሩ ደግሞ ስስ ነው፤ የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ። ልታሟቸው ያሰባችሁ፣ ቀስ እያላችሁ።

እነሱ እስኪገቡ እኛ እንተዋወቅ። አትፍሩ፣ ማንንም ወደ መድረክ አልጎትትም። “ተነሱና ጨፍሩ” የሚባል ነገርም የለም። የምለው ነገር እናንተን ከነካ አጨብጭቡ፤ በቃ። ማጨብጨብ ያልተመቸው እጁን ያውለብልብ። ሕፃን ታቅፋችሁ እጅ ያጣችሁ፣ ቅንድብ አንሱ። ቅንድብም ይቆጠራል፤ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

የመጀመሪያው። ባለፉት አራት ዓመታት ከተመራቂዎቹ አንዱን “መቼ ነው የምትጨርሱት?” ብላችሁ የጠየቃችሁ፣ አጨብጭቡ።

(ጭብጨባው እስኪበርድ)

ይሄ ሁሉ ሰው? እነሱ እኮ ጊዜ ያጡት ለእናንተ ሲመልሱ ነው!

ይኸው ጨረሱ። ጥያቄው ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። ግን አውቃችኋለሁ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላ ትከፍታላችሁ። “ሥራስ?” የሚለው ለዛሬ ማታ ክልክል ነው። ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። ፈገግ ያላችሁት ገብቷችኋል። እሱም ክልክል ነው።

ቀጥሎ፣ ያሳደጋችሁ፣ የከፈላችሁ፣ በጠዋት የቀሰቀሳችሁ። እናት፣ አባት፣ አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ እህት፣ ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤት፣ እናንተ አጨብጭቡ።

(ረዘም ያለ ጭብጨባ)

“እያጠናሁ ነው” ሲሏችሁ አምናችሁ በሩን ቀስ አድርጋችሁ የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ። እንዳይረበሹ ብላችሁ ቴሌቪዥን ቀንሳችኋል። በገዛ ቤታችሁ እንደ ሌባ በእግር ጣታችሁ ሄዳችኋል። ውስጥ ግን ምን ነበር? መጽሐፉ ተከፍቷል። መጽሐፉ ላይ ስልክ አለ። ስልኩ ላይ ኳስ አለ።

(ወደ በሩ ዞር ብሎ) እኔ ስም አልጠራሁም!

እሺ፣ አሁን ትንሽ ከበድ ያለ ነው። በሕይወታችሁ የቡድን ሥራ ሠርታችሁ የምታውቁ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ እጅ አውጡ። ጥሩ። እጃችሁን እንዳታወርዱ። አሁን ሥራውን ብቻችሁን የሠራችሁ፣ የቀሩት ስማቸውን ብቻ ያስገቡባችሁ፣ እነዚያ ብቻ እጃችሁ እንዳለ ይቆይ።

(አዳራሹን ቃኘት አድርጎ)

አንድም ሰው አላወረደም። ታዲያ ያ ስሙን ብቻ ያስገባው ሰው የት ገባ? ዛሬ አልተጠራም ማለት ነው? አካውንታንታችን ሲገባ ይሄን ሒሳብ ያጣራልናል። ለጊዜው ግን አብራችሁ ከመጣችሁት ሰው ዓይን ሽሹ፤ የተማራችሁት አንድ ክፍል ከሆነ ጣጣ አለው።

እጅ አውርዱ።

አሁን ደግሞ የምወዳቸው እንግዶች። ከሦስቱ ተመራቂዎች አንዱንም የማታውቁ፣ ሰው ይዟችሁ የመጣችሁ፣ እስቲ አጨብጭቡ። አይዟችሁ፣ አናስወጣችሁም!

እናንተ ዛሬ ከሁላችንም የታደላችሁ ናችሁ። ንግግር አድርጉ የሚላችሁ የለም። “ሕፃን ሳለሽ ታቅፌሽ ነበር” ማለት አይጠበቅባችሁም። ፎቶ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። ከቤተሰቡ መሀል ከገባችሁ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አልበሙን የሚያዩ ልጆች “ይሄ የማን ወገን ነው?” እያሉ ይጣላሉ።

እናንተን ለማላመድ አንድ ነገር እናድርግ። ሁላችሁም ወደ ጎናችሁ ዞር በሉ፤ በተለይ ወደማታውቁት ሰው። እስካሁን የጠቀማችሁን አንድ የተማራችሁትን ነገር ንገሩት። ከክፍል ሊሆን ይችላል፣ ከወላጅ፣ ከሥራ፣ ከመንገድ። ዲግሪ አይጠየቅም። ሠላሳ ሰከንድ አላችሁ። ጀምሩ!

(ሠላሳ ሰከንድ)

በቃ፣ በቃ! ይሄ ጫጫታ ክፍል ውስጥ ቢሆን ሁላችሁም ውጭ ነበራችሁ።

እስቲ ልጠይቅ፦ “ኤክስን ፈልግ” የሚለው እስካሁን ጠቅሞኛል ያለ አለ? አንድ ሰው? እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ ስንት ዓመት ፈልጌው ባገኘሁት ቁጥር በሚቀጥለው ጥያቄ ተመልሶ ይጠፋል። አንድ ጊዜ አድራሻውን መዝግቦ የሚይዝ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ልጆች አላችሁ? የታላችሁ? ነገ ትምህርት አለ? “የለም!” ደስ ይላል። እነዚያ በር ኋላ ያሉትም ነገ ትምህርት የለባቸውም። ልዩነቱ፣ እናንተ ሰኞ ትመለሳላችሁ። ይቅርታ፣ እውነቱን መናገር ግዴታዬ ነው።

አሁን ልናስገባቸው ነው። ከዚያ በፊት ስለ ልብሳቸው አንድ ነገር ልበል። ያ ጋዋን የመጣው ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ሕንፃዎቹ ማሞቂያ ስላልነበራቸው ረጅሙ ቀሚስ ለብርድም ያገለግል ነበር። የእኛዎቹ ግን በሙቀት ለብሰውት ቆመዋል። ስለዚህ ሲገቡ ፊታቸው ላይ የምታዩት ነገር እንባ ብቻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ኮፍያ መወርወሩ ደግሞ በ1912፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተመራቂዎች እንደጀመሩት ይነገራል። እነሱ የወረወሩት የመኮንን ኮፍያ ስለተሰጣቸው ነው፤ አሮጌው አያስፈልጋቸውም ነበር። የእኛ ተመራቂዎች፣ ስሙኝ! የእናንተ ኪራይ ነው። ሰኞ ይመለሳል። ወርውሩ፣ ግን ተከትላችሁ ሩጡ።

እሺ፣ ልምምድ። ሦስት ስል ድምፃችሁን እፈልጋለሁ። ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ ማውለብለብ፣ ቅንድብ፣ ያላችሁን ሁሉ። አንድ… ሁለት… ሦስት!

(ጩኸት)

ይሄ የሰርተፍኬት ነው። የዲግሪውን ስጡኝ! አንድ… ሁለት… ሦስት!

(የበለጠ ጩኸት)

አሁን ሆነ! ዲጄ፣ ሙዚቃውን ልቀቀው። በር ላይ ያላችሁ፣ ክፈቱት። ክቡራትና ክቡራን፣ ጨረሱ ወይ ስትሉ የኖራችሁ ሁሉ፣ ይኸው ጨርሰው መጡላችሁ፦ ተመራቂዎቻችን!